ጂሙ ቀርቶ ክፍያው ሲቀጥል

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምትኖር ጎረቤቴ የአንድ ዓመት የጂም ውል ነበራት። ክፍያው 39 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው፤ ወር በገባ በ5ኛው ቀን ከቼኪንግ አካውንቷ በቀጥታ ይቆረጣል። ጃንዋሪ መጨረሻ ውሉ ሲያልቅ፣ በር ላይ ለተቀመጠችው ልጅ «ከእንግዲህ አልመጣም» ብላ ወጣች። ማርች ላይ ስቴትመንቷን ስትከፍት ግን የፌብሩዋሪውም የማርቹም ተቆርጧል። ባንኳ ሄዳ «ውሌ አልቋል፣ አቁሙልኝ» ብትል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ «መጀመሪያ ከጂሙ ጋር ጨርሺ» ብሎ መለሳት።

ሠራተኛው ተሳስቷል። ኮንግረስ በ1978 ባወጣው የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግና «ሬጉሌሽን ኢ» በሚባለው ደንቡ መሠረት፣ ባለ አካውንቱ እንዲህ ያለውን ተደጋጋሚ ክፍያ እንዲያቆም ባንኩን ማዘዝ ይችላል፤ ባንኩም ድርጅቱ በራሱ ጊዜ እስኪተው መጠበቅ አይችልም። የእሷም አነጋገር ግን ጉድለት ነበረበት። ባንክ ውሉን አላየውም፣ ማለቅ አለማለቁንም አይዳኝም። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ጂሙ ከአካውንቷ ገንዘብ እንዲወስድ የሰጠችው ፈቃድ። ስትመዘገብ ራውቲንግና አካውንት ቁጥሯን ጽፋ የፈረመችበት ወረቀት ማለት ነው። ውሉ አለቀ ማለት ይህ ፈቃድ ተሰረዘ ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙ የጂም ውል በደቃቅ ፊደል «ካልተሰረዘ በየወሩ ይታደሳል» የሚል አንቀጽ አለው።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፍን። ሦስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፦ ከአካውንቴ እንድትወስዱ የሰጠሁትን ፈቃድ ከዛሬ ጀምሮ ሰርዣለሁ፤ የአባልነት ቁጥሬ ይህ ነው፤ ከእንግዲህ ምንም አትቁረጡ። የፌዴራሉ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ለድርጅቱም ለባንኩም የሚላክ የደብዳቤ ናሙና በድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። ደብዳቤው በሪኮማንዴ ለጂሙ ሄደ፤ ቅጂው ለባንኩ ቀረ።

ከዚያ የቀን ስሌት መጣ። ትእዛዙ ክፍያው ከሚቆረጥበት ቀን ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት። ኤፕሪል 5 የዋለው ረቡዕ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ስለማይቆጠሩ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ሐሙስ ደወልን። በስልክ መናገር ይበቃል፤ ሆኖም ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አረጋግጡ ሊል ይችላል፣ ይህን ጠይቆ ካልተላከለት የስልኩ ትእዛዝ ይወድቃል። ብዙ ባንኮች ለዚህ አገልግሎት ወደ 30 ዶላር ይጠይቃሉ፤ አርባ ዶላር ለማዳን ሠላሳ መክፈል ያናድዳል፣ ግን በየወሩ ከመቆረጥ ይሻላል።

ስህተቱ የተፈጠረው እዚህ ነው። የስልኩ ሠራተኛ «ስንት ነው?» ሲላት 39 ከ99 አለችው፤ እሱም እገዳውን በዚያው መጠን መዘገበው። ኤፕሪል 5 ጂሙ 5 ዶላር ጨምሮ 44 ከ99 ሲልክ፣ የባንኩ ኮምፒውተር የሚፈልገውን ቁጥር አላገኘምና አሳለፈው። መባል የነበረበት «ከዚህ ድርጅት የሚመጣውን፣ መጠኑ ምንም ይሁን፣ የወደፊቱን ሁሉ» ነው። ስቴትመንቱ ላይ የሚታየውን የድርጅቱን ስም እንዳለ ማንበብም ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በር ላይ ከተለጠፈው ስም ይለያል። (ክፍያው የታሰረው በዴቢት ካርድ ከሆነ «ካርዱን ልቀይር» የሚለው ዘዴ አያስተማምንም፤ አዲሱን ቁጥር ለነጋዴው የሚያቀብል የካርድ ድርጅቶች አገልግሎት አለ።)

እገዳው እንደገና በትክክል ተመዘገበ። የተወሰደውን ማስመለስ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፣ ካልጠየቁት ማንም አያነሳውም። ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ «ይህ ያለ ፈቃዴ የተወሰደ ነው» ብሎ ማመልከት ይገባል። ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ 10 የሥራ ቀን አለው፤ ካልበቃው ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ እስከ 45 ቀን ያጣራል።

የኤፕሪሉ 44 ከ99 በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰላት፤ ትእዛዙና ደብዳቤው ቀድመው ነበራ። የፌብሩዋሪና የማርቹ ግን አልተመለሰም። ጂሙ የፈረመችበትን ወረቀት አውጥቶ፣ መሰረዝ የሚቻለው ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ብቻ መሆኑን አሳየ። በር ላይ ለልጅቷ የነገረቻት ጽሑፍ አይደለም። በዚያ ላይ እገዳው ገንዘብ መውጣቱን ነው እንጂ ዕዳውን አያጠፋም፤ እውነተኛ ዕዳ ቢኖር ኖሮ ጂሙ ለዕዳ ሰብሳቢ ሊያስተላልፍባት ይችል ነበር። ሜይ 5 ማለዳ አካውንቷን ከፈተች። ምንም አልተቆረጠም።