አንድ ስም፣ አንድ ብርሃን፣ ሁለት በሽታ

አማርኛ ለሁለት በሽታ አንድ ቃል ሰጥቷል። ነቀርሳ ስንል ካንሰርን ማለታችን ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ደግሞ ቲቢን። ፔት ስካን የሚባለው ምርመራም በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ብርሃን ያሳያል። ውጭ አገር ታክሞ የመጣ ዘመድ ምስሉን ሲያሳያቸው ደረት ላይ የደመቀችውን ነጥብ አይተው ለቅሶ የሚጀምሩ ቤተሰቦች አሉ። ያ ለቅሶ ብዙ ጊዜ የቸኮለ ነው።

«ማሽኑ ካንሰርን ያያል» ይባላል። የሚያየው ስኳርን ነው። ታካሚው ቢያንስ ለአራት ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ቆይቶ ኤፍዲጂ የተባለ፣ ጨረር የሚረጭ የስኳር ዓይነት በደም ሥሩ ይወጋል። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ይተኛል። ስኳር የተራበ ሕዋስ ሁሉ ይህን ስኳር ይስባል፤ ሊያቃጥለው ስለማይችል ግን ውስጡ ይከማቻል። ካንሰር ስኳር በላተኛ ነው። ነገር ግን ጀርምን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። አንጎል ሁልጊዜ ያበራል፤ ስኳሩ በሽንት ስለሚወጣ ኩላሊትና የሽንት ፊኛም ያበራሉ። በቅርቡ ክትባት የተወጋ ሰው ብብቱ ሊበራ ይችላል፤ ብርድ የነካው ሰው ደግሞ አንገቱ ላይ ያለው ቡናማ ስብ።

በውጤቱ ወረቀት ላይ የምትታየው ኤስዩቪ የተባለች ቁጥርም ብዙ ታስፈራለች። ስሌቷ ቀላል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 240 ሜጋቤክሬል ተወጋ እንበል። መድኃኒቱ በሰውነቱ ሁሉ እኩል ቢሰራጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ 4 ይደርሰው ነበር። አንድ ንፍፊት በኪሎ 32 ልክ ከሳበ፣ የእኩል ድርሻውን ስምንት እጥፍ ወስዷል፤ ኤስዩቪው 8 ነው። «ከ2.5 በላይ ከሆነ ካንሰር ነው» የሚለው ወሬ ከዚህ ቁጥር ጋር ተያይዞ ይዞራል። በኛ አገር ይህ ልኬት ያሳስታል፤ የቲቢ ንፍፊት 8 ይቅርና ከ10 በላይ ሊያሳይ ይችላልና። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ካላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ከሳንባ ውጭ ያለው ቲቢ፣ በተለይ የንፍፊቱ፣ እዚህ ብዙ ነው።

በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያርስ የ45 ዓመት ሰው እናስብ። አንገቱ አብጧል፣ ከስቷል፣ ሌሊት ያልበዋል። ልጁ ውጭ አገር ወስዶ ያስመረምረዋል፤ የአንገቱና የደረቱ ንፍፊቶች 8 እያሳዩ ይበራሉ። ይህ ምስል ሊምፎማ የተባለውን የንፍፊት ካንሰር ይመስላል፤ ቲቢንም ይመስላል። ምልክቶቹም ለሁለቱ አንድ ናቸው። ብርሃኑ ሐኪሙን የሚጠቅመው የትኛውን ንፍፊት ቢወጋ እንደሚሻል በማሳየት ነው። በመርፌ ናሙና ተወስዶ አንዱ ክፍል በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ሌላው ጂን ኤክስፐርት ለተባለው የቲቢ ምርመራ ይላካል። መርፌው አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ ንፍፊቱ ሙሉውን በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ሊምፎማን በመርፌ ብቻ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነውና። ናሙና ሳይወሰድ ሊምፎማ ነው ተብሎ ስቴሮይድ ቢጀመርለትና በሽታው ቲቢ ሆኖ ቢገኝ፣ መድኃኒቱ የሰውነቱን መከላከያ አዳክሞ ጀርሙን ያሰራጭበታል።

የዚህ አካባቢ ሰው ሲሆን ደግሞ ጣፊያውንም ማየት ያሻል። በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በጣራ ገዳም አቅራቢያ በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር ተቀሰቀሰ። በሽታው በዚያ ደጋማ አገር ስላልተለመደ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ በሽታውን ያመጡት ከሁመራና ከመተማ እርሻ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ይታመናል። ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣል፤ መቅኔንም ይወርራል፤ በፔት ስካን ላይም ያበራቸዋል፤ ሊምፎማ ተብሎም ሊነበብ ይችላል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ባሕር ማዶ ከሆነ ሊቦ ከምከምን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ በማመልከቻው ወረቀት ላይ ታካሚው የት እንደሚኖር፣ ለሥራ ወዴት እንደወረደ፣ ቀድሞ ቲቢ ታክሞ እንደሆነና መቼ እንደተከተበ ይጻፍ።

ነጥብ አልበራም ማለትም ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ከአንድ ሳንቲሜትር ያነሰ ዕጢ ለማሽኑ ሊደበዝዝ ይችላል፤ አብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰርም ይህን ስኳር ብዙም አይስብም።