ድንበሩን የሚያቆሙት ጥቂት ነጥቦች

በወረቀት ላይ ሦስት ነጥቦች አሉ እንበል። አንዷ ቀይ ናት፣ (1, 1) ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱ ሰማያዊ ናቸው፣ ቦታቸውም (3, 3) እና (4, 3) ነው። ቀዩን ከሰማያዊዎቹ የሚለይ ቀጥ ያለ መስመር አስምር ቢባል ማንም ያሰምራል። ችግሩ ሊሰመሩ የሚችሉት መስመሮች ስፍር ቁጥር የሌላቸው መሆኑ ነው። አንዱ ቀዩን ሊነካ ምንም አይቀረውም፣ ሌላው ሰማያዊዎቹን ታክኮ ያልፋል። በሦስቱ ነጥቦች ላይ አንዳቸውም አይሳሳቱም፤ ነገ አራተኛ ነጥብ ሲመጣ ግን መልሳቸው ይለያያል። ታዲያ የትኛው ይመረጥ?

ሰፖርት ቬክተር ማሽን የሚባለው የማሽን ትምህርት ስልት የሚመርጠው ከሁለቱም ወገን እኩል የራቀውን፣ ርቀቱም ከሁሉ የበለጠውን መስመር ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በማሳቸው መካከል ሳያርሱ የሚተዉትን ወሰን ማሰብ ይቻላል። ስልቱ ያንን ባዶ ቦታ የቻለውን ያህል ያሰፋና መስመሩን መሃል ለመሃል ያሳልፋል። የባዶው ቦታ ስፋት ህዳግ ይባላል።

ፈተና ላይ ይህ በቁጥር ይጠየቃል። መስመሩ w·x + b = 0 ተብሎ ይጻፋል። በስምምነትም በሰማያዊው በኩል በጣም የቀረበው ነጥብ በቀመሩ ሲሰላ +1፣ በቀዩ በኩል የቀረበው −1 እንዲሰጥ ይደረጋል። በዚህ ስምምነት የህዳጉ ሙሉ ስፋት 2/‖w‖ ይሆናል። 1/‖w‖ ከመስመሩ እስከ አንዱ ዳር ያለው ግማሽ ብቻ ስለሆነ፣ ጥያቄው የሚፈልገው ሙሉውን ይሁን ግማሹን አስተውሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ወደ ሦስቱ ነጥቦች እንመለስ። እርስ በርስ በጣም የተቀራረቡት ተቃራኒዎች (1, 1) እና (3, 3) ናቸው። የሁለቱ መሃል (2, 2) ነው፤ በዚያ በኩል ቀጥ ብሎ የሚያቋርጣቸው መስመር x₁ + x₂ = 4 ይሆናል። (3, 3) በዚህ ቀመር ሲገባ 6 − 4 = 2 ይሰጣል። የሚፈለገው 1 ስለሆነ ሁሉንም ለሁለት ማካፈል ነው፤ w = (½, ½) እና b = −2 ይገኛል። (1, 1) ሲሞከር 1 − 2 = −1፣ ትክክል። የህዳጉ ስፋት 2/0.707፣ ማለትም 2.83 ገደማ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀትም √8፣ ያው 2.83 ነው።

አንድ ማረጋገጫ ይቀራል፤ ብዙ ተማሪ የሚዘለውም ይህን ነው። ሦስተኛው ነጥብ (4, 3) ሲገባ 3.5 − 2 = 1.5 ይሰጣል። ከ1 በላይ ስለሆነ ከወሰኑ ውጭ ነው፣ መልሱም ይጸናል። ከ1 በታች ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ቅርብ ነጥቦች ብቻ ይዞ መነሳቱ ስህተት ነበር፤ ሦስተኛውም በስሌቱ ውስጥ መግባት ነበረበት።

አሁን (4, 3)ን በላጲስ ማጥፋት ነው። መስመሩ ንቅንቅ አይልም። (3, 3) ወደ (3, 2) ቢወርድ ግን መስመሩ ይዞራል፣ ህዳጉም ከ2.83 ወደ √5፣ ማለትም ወደ 2.24 ይጠብባል። በወሰኑ ዳር ላይ ቆመው ድንበሩን የያዙት ነጥቦች ደጋፊ ነጥቦች ይባላሉ፤ የስልቱ ስምም ከእነሱ የመጣ ነው። በሒሳብ ሲጻፍ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል፤ w = ¼(3, 3) − ¼(1, 1)። የ(4, 3) ክብደት ዜሮ ነው። አሥር ሺህ ሰማያዊ ነጥቦች ከኋላው ቢደረደሩም የእነሱም ክብደት ዜሮ ይሆን ነበር።

በእውነተኛ መረጃ ውስጥ ግን ቀይና ሰማያዊ እንዲህ ተለያይተው አይገኙም። ኮሪና ኮርቴስና ቭላድሚር ቫፕኒክ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ነጥቦች ወሰኑን እንዲጥሱ ፈቀዱ፤ ለእያንዳንዱ ጥሰት ግን ቅጣት ይከፈላል። የቅጣቱ ክብደት C ነው። C ሲጨምር ስልቱ ጥሰትን አይታገስምና ህዳጉ ይጠብባል፤ ሲቀንስ ህዳጉ ይሰፋል። እዚህ ላይ የደጋፊ ነጥቦች ትርጉምም ይሰፋል። በዳሩ ላይ ያሉት ብቻ ሳይሆኑ ወሰኑ ውስጥ የገቡትና ወደ ተቃራኒው ወገን የተሻገሩትም ደጋፊዎች ናቸው። «ደጋፊ ነጥብ ሁልጊዜ ዳር ላይ ነው» የሚል አማራጭ በፈተና ላይ ከቀረበ ሐሰት ነው።

ቀጥ ያለ መስመር ጨርሶ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ቀይ ነጥቦች መሃል ተሰብስበው ሰማያዊዎቹ ቢከቧቸው ምን ይደረጋል? ከርነል የሚባለው ሐሳብ የሚገባው እዚህ ነው፤ መነሻውም ከላይ ባለው w ውስጥ ተደብቋል። w ከደጋፊ ነጥቦች የተሠራ ስለሆነ፣ አዲስ ነጥብ ሲመጣ የሚያስፈልገው ከእያንዳንዱ ደጋፊ ጋር በነጥብ ብዜት ማባዛት ብቻ ነው። ነጥቦቹ ራሳቸው የትም አይፈለጉም፤ የሚፈለገው ብዜታቸው ነው።

ስለዚህ ነጥቦቹን መስመር ወደሚለያቸው ሰፊ ቦታ ማውጣት ይቻላል፤ ለምሳሌ (x₁, x₂)ን ወደ (x₁², √2x₁x₂, x₂²)። (1, 2) ሲወጣ (1, 2√2, 4) ይሆናል፤ (3, 1) ደግሞ (9, 3√2, 1)። የሁለቱ ብዜት 9 + 12 + 4 = 25 ነው። ሳይወጡ በፊት የነበረው ብዜታቸው 3 + 2 = 5 ነበር፤ 5 በራሱ ሲባዛ ደግሞ 25። ከታች ሆኖ አንድ ቁጥር ስኩዌር ማድረግ ላይ ወጥቶ ሁሉንም ከማባዛት ጋር እኩል ነው። ያቺ (x·z)² ከርነል ናት።

በርንሃርድ ቦዘር፣ ኢዛቤል ጊዮንና ቫፕኒክ ይህን ከሰፊ ህዳግ ጋር ያጣመሩት በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ቤል ላብስ ነበር። የ1995ቱ ጥናት በፖስታ ላይ በእጅ የተጻፉ አሃዞችን ሞከረ። እያንዳንዱ ምስል 16 በ16፣ ማለትም 256 ቁጥር ነው፤ መማሪያውም 7,300 ያህል ምስል ነበር። በቀጥታ መስመር ስህተቱ 12 በመቶ ሆነ። በስኩዌር ከርነል ወደ 4.7 በመቶ ወረደ፣ ቦታው ወደ 33,000 ገደማ አቅጣጫ ቢሰፋም። ለአንድ አሃዝ የሚያስፈልጉት ደጋፊ ነጥቦች ግን በአማካይ ከ200 ወደ 127 ቀነሱ።

የከርነል ምርጫ ግን ሊያስት ይችላል፤ በተለይ በርቀት የሚሠራው exp(−γ‖x − z‖²)። γ ከልክ ሲያልፍ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ዙሪያ ትንሽ ደሴት ይሠራል። በመማሪያው ላይ ስህተት ዜሮ ይሆናል፣ ባልታየ መረጃ ላይ ግን ውጤቱ ይወድቃል። ይህን ለማወቅ ደጋፊ ነጥቦችን መቁጠር ይረዳል። ከ1,000 የመማሪያ ነጥቦች 950ው ደጋፊ ሆነው ከተገኙና የመማሪያው ስህተት ዜሮ ከሆነ፣ ስልቱ ድንበር አላገኘም፤ ነጥቦቹን በቃሉ ይዟቸዋል። ያኔ γን ቀንሶ፣ በስልጠና ውስጥ ባልገባ መረጃ ደግሞ መሞከር ነው።