የተስተካከለ የአሁን ዋጋ፦ የሥራውን ዋጋ ከብድሩ ጥቅም ለይቶ መመዘን

አንድ ፕሮጀክት በከፊል በብድር ገንዘብ በሚሠራበት ጊዜ ዋጋው ከሁለት ምንጮች ይገኛል፤ አንደኛው ምንጭ ሥራው ራሱ የሚያስገኘው ገቢ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ለአበዳሪው የሚከፈለው ወለድ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ በወጪነት ስለሚቀነስ የሚተርፈው ግብር ነው። የተስተካከለ የአሁን ዋጋ የሚባለው ስሌት እነዚህን ሁለት ምንጮች ለየብቻ ይመዝናል። በመጀመሪያ ፕሮጀክቱ ያለ አንዳች ብድር በባለቤቶቹ ገንዘብ ብቻ የተሠራ ያህል ተቆጥሮ ዋጋው ይሰላል፤ ቀጥሎም የወለዱ የግብር ጥቅም ለብቻው ተሰልቶ ይደመርበታል፤ ብድሩ ያስከተለው ተጨማሪ ወጪ ካለም ይቀነሳል።

ስሌቱ የተመሠረተው ፍራንኮ ሞዲሊያኒና መርተን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡትና በ1963 ባረሙት ጥናት ላይ ነው። ሁለቱ ምሁራን ግብር በሌለበትና ገበያው እንከን በሌለው ጊዜ ገንዘቡ ከብድር መምጣቱ ወይም ከባለቤቶች መዋጮ መገኘቱ የድርጅቱን ዋጋ እንደማይለውጥ፣ ወለድን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚቀንስ የግብር ሥርዓት ሲኖር ግን ብድር ዋጋ እንደሚጨምር አሳዩ። ስቱዋርት ማየርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን ሐሳብ ለፕሮጀክት ግምገማ በሚያመች መልክ አቅርቦ ለስሌቱ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ሰጠው።

አሠራሩን በግልጽ ለማየት 100 ሚሊዮን ብር የሚጠይቅና አምስት ዓመት የሚያገለግል፣ በመጨረሻም ቀሪ ዋጋ የሌለው የማምረቻ መሣሪያ ለምሳሌ ይወሰድ። መሣሪያው በየዓመቱ ከግብር በፊት 37 ሚሊዮን ብር ጥሬ ገንዘብ ያስገባል፤ የእርጅና ቅናሹ በዓመት 20 ሚሊዮን ስለሆነ ግብር የሚታሰብበት የሥራ ትርፍ 17 ሚሊዮን ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ለድርጅቶች በደነገገው የ30 በመቶ ምጣኔ ግብሩ 5.1 ሚሊዮን ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ በእጅ የሚቀረው 31.9 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የሥራው ስጋት ብቻ ታይቶ፣ ማለትም ብድር ባይኖር ኖሮ ባለቤቶቹ የሚጠይቁት ተመላሽ 20 በመቶ ነው ከተባለ፣ የአምስቱ ዓመት ገቢ በዚህ ምጣኔ ወደ ዛሬ ሲመለስ 95.4 ሚሊዮን ይመጣል። ከዚህ ላይ 100 ሚሊዮኑ ሲቀነስ 4.6 ሚሊዮን ብር ጉድለት ይታያል፤ ሥራው በራሱ አቅም አያዋጣም ማለት ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ወደ ብድሩ ይሻገራል። ከመሣሪያው ዋጋ 60 ሚሊዮኑ በ15 በመቶ ወለድ የተበደሩት ሆኖ ዋናው ገንዘብ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን እየተከፈለ ቢያልቅ፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ዓመት 9 ሚሊዮን ተነሥቶ 7.2፣ 5.4 እና 3.6 እያለ በአምስተኛው ዓመት 1.8 ሚሊዮን ይደርሳል። የወለዱ 30 በመቶ በየዓመቱ የሚተርፈው ግብር ስለሆነ፣ ጥቅሙ ከ2.7 ሚሊዮን ጀምሮ እስከ 0.54 ሚሊዮን እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ወለዱ በተከፈለ መጠን ስለሆነ ስጋቱም የብድሩን ያህል ነው ተብሎ በ15 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመለስ 5.93 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ጉድለቱ በዚህ ሲሸፈን 1.33 ሚሊዮን ይተርፋል፤ ብድሩን ለማግኘት የወጣው ክፍያ ከግብር ውጤቱ ጋር ተጣርቶ 0.6 ሚሊዮን ቢሆን፣ የተስተካከለው የአሁን ዋጋ 0.73 ሚሊዮን ብር ነው። ፕሮጀክቱ ተቀባይነት ያገኘው በሥራው ብርታት ሳይሆን በግብር ጥቅሙ መሆኑን የሚያስረዳው ይህ መለያየት ነው፤ ባንኩ ብድሩን ቢከለክል ወይም መጠኑን ቢቀንስ ውሳኔው ሊገለበጥ እንደሚችል ገምጋሚው አስቀድሞ ያውቃል።

በአማካይ የካፒታል ወጪ የሚሠራው የተለመደው ስሌት የግብሩን ጥቅም ለብቻው አይደምርም፤ የወለዱን ምጣኔ ከግብር በኋላ በሚቀረው መጠን ወስዶ ሁሉንም በአንድ የቅናሽ ምጣኔ ውስጥ ያስገባል። አንድ ቋሚ ምጣኔ ለሁሉም ዓመታት የሚያገለግለው ግን የብድሩ ድርሻ ከፕሮጀክቱ ዋጋ አንጻር ሳይለወጥ ሲቆይ ነው። በምሳሌው እንደታየው ብድሩ በተወሰነ የጊዜ ሰሌዳ እየተከፈለ በሚያልቅበት ጊዜ ይህ ድርሻ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ፣ ጥቅሙን ከሰሌዳው ላይ በቀጥታ ማስላት ይበልጥ ይታመናል። በአንጻሩ የብድሩ መጠን የፕሮጀክቱን ዋጋ እየተከተለ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ጥቅሙም የሥራውን ስጋት ስለሚጋራ በ20 በመቶ ወደ ዛሬ ሊመለስ ይገባዋል፤ በዚህ ምጣኔ በምሳሌው ያለው ጥቅም ወደ 5.43 ሚሊዮን፣ የመጨረሻው ውጤትም ወደ 0.23 ሚሊዮን ይወርዳል።

በዚህ ስሌት ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት አንዱን ጥቅም ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ገምጋሚው በመጀመሪያው እርምጃ ግብሩን ወለድ ከተቀነሰለት ትርፍ ላይ ካሰላ፣ በአንደኛው ዓመት 5.1 ሚሊዮን መሆን የሚገባው ግብር 2.4 ሚሊዮን ይሆንና የ2.7 ሚሊዮኑ ጥቅም በመሠረቱ ዋጋ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ በሁለተኛው እርምጃም እንደገና ይደመራል። ስህተቱን ለማወቅ የሚያስችለው ማመሳከሪያ ቀላል ነው፦ በመጀመሪያው እርምጃ የተጻፈው ግብር የሥራ ትርፉ 30 በመቶ መሆን አለበት፤ ከእርሱ ላይ የዓመቱ የወለድ ጥቅም ሲቀነስም ድርጅቱ በእውነት ከሚከፍለው ግብር ጋር መግጠም አለበት።

የስሌቱ ጥቅም ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ፕሮጀክቱ ለተወሰነ ዓመት ከገቢ ግብር ነጻ የሚሆንበት የእፎይታ ጊዜ ሲሰጠው ነው። በምሳሌው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግብር የማይከፈልባቸው ቢሆኑ፣ በየዓመቱ የሚድነው 5.1 ሚሊዮን የመሠረቱን ውጤት ከጉድለት አውጥቶ 3.19 ሚሊዮን ትርፍ ያደርሰዋል። ነገር ግን ግብር በሌለበት ዓመት ወለድ የሚያተርፈው ግብር አይኖርም፤ ከሁሉም የሚበልጠው የወለድ ጥቅም ደግሞ የሚወድቀው በእነዚሁ ሁለት ዓመታት ላይ ስለሆነ የጥቅሙ ድምር ከ5.93 ወደ 1.95 ሚሊዮን ይቀንሳል፤ የብድሩ ክፍያ ሲነሣም ውጤቱ 4.54 ሚሊዮን ይሆናል። እፎይታውንና ሙሉውን የወለድ ጥቅም አንድ ላይ የደመረ ሰው ግን 8.52 ሚሊዮን ላይ ይደርሳል፤ የማይገኝ 4 ሚሊዮን ብር ገደማ ለፕሮጀክቱ ቆጥሮለታል ማለት ነው። ድርጅቱ ከእፎይታው ውጭም ቢሆን ወለዱን የሚሸፍን ትርፍ ከሌለው ጥቅሙ ወይ ይዘገያል ወይ ይጠፋል፤ ስለዚህ የየዓመቱ ወለድ በዚያው ዓመት ካለው ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ጋር እየተነጻጸረ መታየት አለበት።

የስሌቱ ዋነኛ ድክመት የዕዳ ብዛት የሚያመጣውን ጉዳት በቀላሉ አለመያዙ ነው። ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ንብረቱን በርካሽ መሸጥ፣ ዕቃ በዱቤ የሚያቀርቡለትን ነጋዴዎች ማጣትና ለክርክር ወጪ መዳረግ ይመጣል፤ እነዚህን በትክክል ማስላት ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይተዋሉ። በዚህም ምክንያት ስሌቱ ብቻውን ከተወሰደ የብድሩ መጠን በጨመረ ቁጥር ፕሮጀክቱ የተሻለ ይመስላል። መሠረቱ 4.6 ሚሊዮን ጎድሎበት በወለድ ጥቅም ብቻ ለጥቂት የተረፈ ፕሮጀክት የዕዳ ችግር ሊያስከትል የሚችለውን ወጪ የሚሸከምበት አቅም የለውም፤ የመሠረቱ ዋጋ ከሌላው ሳይደባለቅ ለብቻው ተጽፎ ለወሳኙ አካል መቅረብ ያለበትም ስለዚህ ነው።