የትናንቱን ሽያጭ የዛሬ አስመስሎ የሚያሳይ ግራፍ፦ የማብቂያ ጊዜ ስለሌለው ጊዜያዊ ማከማቻ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ ያተኩራል። አንድ የንግድ ድርጅት የሽያጭ ዳሽቦርድ አለው። በየቅርንጫፉ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ግብይቱም ወዲያውኑ በዋናው ዳታቤዝ ይመዘገባል። ሥራ አስኪያጁ የሚመለከተው ግራፍ ግን የትናንቱን አኃዝ ያሳያል። የስህተት መልእክት የለም፤ ሰርቨሩ አልቆመም፤ ኔትወርኩም አልተቋረጠም። ሁሉም ነገር እየሠራ ግራፉ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚታወቅና በምን እንደሚታረም ላስረዳ።

በቅድሚያ ስለ አንድ ቃል። በእንግሊዝኛው አነጋገር «ካሽ» የሚባለውን ነገር በዚህ ንግግር «ጊዜያዊ ማከማቻ» እለዋለሁ። ስለ ሽያጭ እየተነጋገርን «ካሽ» ብል አድማጭ ጥሬ ገንዘብ መስሎት ሊደናገር ይችላልና። ጊዜያዊ ማከማቻ ማለት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀን ስሌት ውጤት ለሚቀጥለው ጠያቂ ማስቀመጫ ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር እንመልከት። በምሳሌነት የምወስደው ስሙን የማልጠቅሰውን፣ በስድስት ቅርንጫፎች የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ዳሽቦርዱ ያለፉትን 7 ቀናት ሽያጭ በቅርንጫፍና በቀን ደምሮ ያሳያል። ይህ ድምር በዳታቤዙ ላይ 4 ሰከንድ ይፈጃል። 20 ስክሪኖች ተከፍተው እያንዳንዳቸው በየ30 ሰከንዱ ቢታደሱ፣ በአንድ ደቂቃ 40 ጥያቄ፣ ማለትም የ160 ሰከንድ ሥራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ዳታቤዙ ደረሰኝ መመዝገቡን ትቶ ድምር ሲደምር ሊውል ነው። ስለዚህ የድርጅቱ ባለሙያዎች የድምሩን ውጤት ሬዲስ በተባለው ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ በአንድ ቁልፍ ስም አስቀመጡት። ዳሽቦርዱ መጀመሪያ ቁልፉን ይፈልጋል፤ ካገኘው ያንኑ ያሳያል፤ ካጣው ብቻ ዳታቤዙን ጠይቆ ውጤቱን እንዲህ ብሎ ያስቀምጣል፦

```
SET sales:last7days "..." EX 300
```

መጨረሻ ላይ ያለው `EX 300` ውጤቱ ከ300 ሰከንድ በኋላ እንዲጠፋ ያዛል። ከጠፋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ጠያቂ አዲስ ድምር ያሠራል። አሠራሩ ትክክል ነው። የዳሽቦርዱን ኮድ ያነበበ ባለሙያ ሁሉ «ግራፉ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሊያረጅ አይችልም» ብሎ ቢመሰክር አይፈረድበትም።

ግራፉ ግን አርጅቶ ነበር፤ ጉዳቱም በተግባር ታይቷል። በዚህ ድርጅት የጭነት ክፍሉ ኃላፊ በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግራፉን አይቶ ሲሚንቶ የጫነው መኪና ወደ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚሄድ ይወስናል። ጠዋት ክምችቱን ሸጦ የጨረሰው ቅርንጫፍ መኪና ሳይደርሰው ይቀራል፤ ትናንት ደህና ሸጦ ዛሬ መጋዘኑ ሙሉ ለሆነው ሌላ ጭነት ይላክለታል። የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ስልክ ደውለው ሲያማርሩ የሚሰጣቸው መልስ «ሲስተሙ እንዲህ አይልም» የሚል ነበር። ባዶ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ለሚናገር ሰው ከዚህ የከፋ መልስ የለም።

ምክንያቱ የተገኘው ከዳሽቦርዱ ኮድ ውጭ ነው። ሌላ ባለሙያ ጠዋት የመጀመሪያው ተመልካች 4 ሰከንድ እንዳይጠብቅ በማሰብ፣ ሌሊት ሌሊት ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ድምሩን አስቀድሞ የሚያሠራ የተቀጠረ ሥራ ጽፎ ነበር። ያ ሥራ ውጤቱን በዚያው ቁልፍ ስም እንዲህ ብሎ ያስቀምጣል፦

```
SET sales:last7days "..."
```

ልዩነቱ `EX 300` አለመኖሩ ብቻ ነው። ሬዲስ የማብቂያ ጊዜ ያልተነገረውን ቁልፍ ለዘለዓለም ያኖራል። ከዚህም በላይ ተራው `SET` ትእዛዝ በቁልፉ ላይ ቀደም ሲል የማብቂያ ጊዜ ቢኖር እንኳ ይሰርዘዋል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል በኋላ እንግዲህ ቁልፉ ሁልጊዜ አለ። ዳሽቦርዱም ቁልፉን ፈልጎ ስለማያጣው፣ `EX 300` የተጻፈበት መስመር ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ አይሠራም። ትክክለኛው ኮድ በቦታው አለ፤ ነገር ግን ማንም አይደርስበትም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ግራፉ በአንድ ቀን ላይ ተገትሮ ቢቀር ኖሮ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። የሌሊቱ ሥራ ግን በየዕለቱ አዲስ ውጤት ስለሚጽፍ ግራፉ በየማለዳው አንድ ቀን ይራመዳል። አዲስ ዓምድ ይታያል፣ ቁመቱም ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ሕያው ይመስላል። ርእሱ «ያለፉት 7 ቀናት» ስለሚል ተመልካቹ የመጨረሻውን ዓምድ የዛሬ አድርጎ ይወስደዋል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል በኋላ የተመዘገበ ሽያጭ ቢኖርም በማግሥቱ ሌሊት እንደገና ስለሚደመር፣ ወርኃዊው የሂሳብ ማመሳከሪያ ምንም ጉድለት አያገኝም። ያለፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ የጎደለው ዛሬ ብቻ ነው። ስህተቱ ለወራት ተሰውሮ ሊቆይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዴት ይታወቃል? ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የዛሬውን ድምር በቀጥታ ከዳታቤዙ ጠይቁ። በምሳሌአችን ዳታቤዙ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ 87 ግብይቶችን ሲቆጥር በግራፉ ላይ የዛሬ ዓምድ ጭራሽ የለም። እንግዲህ ግብይቶቹ ደርሰዋል፤ ችግሩ ከዳታቤዙ ወዲህ ነው። ሁለተኛ፣ ግራፉን ከዚህ ቀደም ባልተከፈተበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። እዚያም ያረጀውን ካሳየ የብሮውዘሩ የራሱ ማከማቻ ተጠያቂ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሬዲስን ስለ ቁልፉ ቀሪ ዕድሜ ጠይቁት፦

```
TTL sales:last7days
(integer) -1
```

አዎንታዊ ቁጥር ቢመልስ የቀሩት ሰከንዶች ናቸው። `-2` ቢል ቁልፉ የለም ማለት ነው። `-1` ግን ቁልፉ አለ፣ የማብቂያ ጊዜ ግን የለውም ማለት ነው። ምርመራው በዚህች አንዲት ቁጥር ይቋጫል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ወጥመድ ብዙዎችን ይጥላል። ባለሙያው `DEL` በሚለው ትእዛዝ ቁልፉን ይሰርዛል፤ ግራፉ ወዲያው የዛሬውን ያሳያል። ባለሙያው ደግሞ ቢጠነቀቅና `TTL` ቢጠይቅ 298 የሚል መልስ ያገኛል፤ ምክንያቱም አሁን የጻፈው የዳሽቦርዱ ትክክለኛ ኮድ ነው። ቀኑን ሙሉ ግራፉ በትክክል ይሠራል፤ «ተስተካክሏል» ተብሎ ይዘጋል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን የሌሊቱ ሥራ ይመጣል፤ በማግሥቱም `-1` ተመልሶ ይጠብቃል። ስለዚህ ከማስተካከል በኋላ ያለው ፈተና ሌሊቱን ማሳለፍ አለበት። በማግሥቱ ጠዋት ያልተጠየቀ `TTL` ምንም አያረጋግጥም።

መፍትሔው የሌሊቱን ሥራ በ`EX` እንዲጽፍ ማድረግ ብቻ ይመስላል፤ ግን በቂ አይደለም። ሦስተኛ ጸሐፊ ነገ ይመጣልና። ወደዚህ ቁልፍ መጻፍ የሚችለው አንድ የጋራ ፋንክሽን ብቻ ይሁን፤ ያ ፋንክሽንም የማብቂያ ጊዜ ካልተሰጠው ለመጻፍ እምቢ ይበል። አንዳንዶች ነባሩን የማብቂያ ጊዜ የሚጠብቀውን `KEEPTTL` የተሰኘ አማራጭ ያነሣሉ። በሌሊት ግን ተመልካች ስለሌለ ቁልፉ ቀድሞ ጠፍቷል፤ ያልነበረ የማብቂያ ጊዜ ደግሞ ሊጠበቅ አይችልም።

«ታዲያ በየግብይቱ ቁልፉን ለምን አንሰርዘውም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይታመንም። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ቁልፉ ባዶ ነው እንበል። ዳሽቦርዱ በዚያች ቅጽበት ድምሩን ይጀምራል። ፖስትግሬስን በመሰለ ዳታቤዝ አንድ ጥያቄ የሚያየው ሲጀምር የነበረውን መረጃ ነው። በ2ኛው ሰከንድ አንድ ሽያጭ ይጸናል፤ ቁልፉም እንዲሰረዝ ይታዘዛል፤ የሚሰረዝ ግን ገና የለም። በ4ኛው ሰከንድ ዳሽቦርዱ ያንን ሽያጭ ያላካተተ ድምር ይጽፋል። የማብቂያ ጊዜ ካለው ይህ ጉድለት ከ5 ደቂቃ በኋላ በራሱ ይጠፋል። ከሌለው ግን ቀጣዩ ሽያጭ እስኪመጣ ይቆያል፤ የዕለቱ የመጨረሻ ሽያጭ ከሆነ ደግሞ እስከ ነገ ያድራል። መሰረዝ ፍጥነትን ይሰጣል፤ የማብቂያ ጊዜ ደግሞ መሰረዝ ያመለጠውን ይይዛል። ሽያጭ በየጥቂት ሰከንዱ በሚመዘገብበት ድርጅት ደግሞ በየግብይቱ መሰረዝ ማከማቻውን ሁልጊዜ ባዶ ስለሚያደርገው ወደ ነበርንበት ጫና ይመልሰናል። እዚያ የማብቂያ ጊዜው ብቻ ይበቃል።

የማብቂያ ጊዜው ርዝማኔስ? 300 ሰከንድ ከተባለና በየማብቂያው አንድ ድምር ብቻ ከተሠራ በቀን ቢበዛ 288 ድምሮች ይሠራሉ፤ ይህ 19 ደቂቃ ያህል የዳታቤዝ ሥራ ነው። 60 ሰከንድ ቢሆን 1,440 ድምሮች፣ ማለትም 96 ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱም ይቻላሉ፤ ምርጫው የሚወሰነው በውሳኔው ፍጥነት ነው። መኪና በቀን አንድ ጊዜ ለሚልክ ሰው አምስት ደቂቃ አይጎዳውም። ሆኖም 300 ሰከንድ ማለት የግራፉ ዕድሜ ከ300 አያልፍም ማለት አይደለም። ድምሩ የሚፈጀው 4 ሰከንድ አለ፤ ስክሪኑ እስኪታደስም እስከ 30 ሰከንድ ይቆያል። ስለዚህ ተመልካቹ የሚያየው አኃዝ እስከ 334 ሰከንድ ሊያረጅ ይችላል። ይህንን በግልጽ መናገር ይገባል።

የመጨረሻው ምክሬም ከዚሁ ይነሣል። ድምሩ የተጀመረበት ሰዓት ከውጤቱ ጋር አብሮ በቁልፉ ውስጥ ይቀመጥ፤ ግራፉም ከርእሱ ሥር «እስከ ኅዳር 12 ቀን፣ ከረፋዱ 4፡05 ድረስ» ብሎ ይጻፈው። ሰዓቱ ገጹ ከተከፈተበት ቅጽበት መወሰድ የለበትም፤ እንዲያ ከሆነ ያረጀ አኃዝ ላይ አዲስ ማኅተም መምታት ይሆናል። ይህ አንድ መስመር በዚያ ድርጅት ግራፍ ላይ ቢኖር ኖሮ የጭነት ክፍሉ ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን «ከትናንት ምሽት 5 ሰዓት ተኩል» የሚለውን አንብቦ፣ ወደ ቅርንጫፎቹ ስልክ ደውሎ ይጠይቅ ነበር።