ለክላውድ ፈተና በስምንት ሳምንት እንዴት እንደ ተዘጋጀሁ

ባለፈው ክረምት አባቴ ለአንድ ፈተና መመዝገቢያ 100 የአሜሪካ ዶላር ከፈለልኝ። ፈተናው አማዞን ዌብ ሰርቪስስ የተባለው ኩባንያ ለጀማሪዎች የሚሰጠው የክላውድ ፕራክቲሽነር ምስክር ወረቀት ፈተና ነው። በዚህ ፈተና የወደቀ ሰው 14 ቀን ሳይሞላው ደግሞ ለመፈተን አይችልም፤ ሲፈተንም ገንዘቡን እንደ ገና ይከፍላል። ሁለተኛ መቶ ዶላር ከአባቴ ለመጠየቅ ፊት ስላልነበረኝ፣ ያሉኝን ስምንት ሳምንታት በዕቅድ ለመጠቀም ወሰንሁ። በዚህ ዓመት ለመፈተን ያሰቡ ጓደኞቼ ዕቅዱን ስለ ጠየቁኝ፣ የተሳሳትሁበትንም ጨምሬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ክላውድ የሚለው ቃል ትርጉሙ ደመና ነው። ነገሩ ግን ሌላ ሰው ባቆመው ትልቅ የኮምፒዩተር አዳራሽ ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች በኢንተርኔት አማካይነት ተከራይቶ፣ በተጠቀሙበት መጠን መክፈል ነው። ፈተናው 65 ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። ከጥያቄዎቹ 15ቱ ለሙከራ የገቡ ስለ ሆኑ አይታረሙም፤ የትኞቹ እንደ ሆኑ ግን ተፈታኙ አያውቅም። ለማለፍ ከ1000 700 ማግኘት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ያነበብሁት የፈተናውን መምሪያ ነው። የአሁኑ ፈተና CLF-C02 ይባላል፤ የወጣውም በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። መምሪያው እንደሚለው ከመቶው 24 እጅ ስለ ክላውድ ጠቅላላ አሳብ፣ 30 እጅ ስለ ጥበቃና ደንብ፣ 34 እጅ ስለ አገልግሎቶቹ፣ 12 እጅ ስለ ሒሳብና ክፍያ ነው። እኔም ሳምንቶቼን በዚሁ መሠረት ከፈልኋቸው፦ አንደኛው ሳምንት ለጠቅላላ አሳብ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለጥበቃ፣ አራተኛውና አምስተኛው ከስድስተኛው እኩሌታ ጋር ለአገልግሎቶቹ፣ የስድስተኛው ቀሪ ሦስት ቀን ለሒሳብ፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ለልምምድ ፈተና ሆኑ። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አጠና ነበር፤ እሑድ አላጠናም።

በዚያው ሳምንት መፈጸም የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ ተፈታኝ ግን 30 ደቂቃ ይጨመርለታል፤ ይህንንም መጠየቅ ያለበት የፈተናውን ቀን ከመያዙ በፊት ነው። ለአንድ ጥያቄ 83 ሰከንድ የነበረው ጊዜ በዚህ ወደ 111 ሰከንድ ከፍ ይላል። እንደ እኔ 18 ዓመት ያልሞላው ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ ይልቅ የረዳኝ የሁለተኛው ሳምንት ጥናት ነው፤ ርእሱም የኃላፊነት ክፍፍል ይባላል። የትኛው ሥራ የኩባንያው፣ የትኛው የደንበኛው እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነው። ብዙ ሰው ቃል በቃል ይሸመድደዋል፤ ፈተናው ግን የሚጠይቀው በምሳሌ ነው። እኔም አንድ ምሳሌ ይዤ ሠራሁበት። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውጤት በክላውድ ላይ ያስቀምጣል እንበል። EC2 በሚባለው አገልግሎት ባዶ ኮምፒዩተር ተከራይቶ መዝገቡን ራሱ ቢጭንበት፣ የኮምፒዩተሩን ሥርዓትም ሆነ መዝገቡን በየጊዜው ማደስ የትምህርት ቤቱ ፈንታ ነው። RDS የሚባለውን የተዘጋጀ የመዝገብ አገልግሎት ቢወስድ ግን፣ ሥርዓቱን የማደሱ ሥራ ወደ ኩባንያው ይዛወራል። ታዲያ ለትምህርት ቤቱ ምን ቀረለት? ማን እንደሚገባ መወሰን፣ የይለፍ ቃል መስጠት፣ ውጤቱን መጠበቅ። የተማሪዎቹን ፎቶግራፍ S3 በሚባለው ማከማቻ ቢያኖርና ማከማቻውን ለሁሉ ክፍት ቢያደርገው፣ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ማከማቻ ሲፈጠር ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ነውና፣ የሚከፍተው ራሱ ደንበኛው ነው። የአዳራሹ በር፣ ኤሌክትሪኩና ያረጀውን ዲስክ ማስወገድ በማናቸውም ጊዜ የኩባንያው ሥራ ናቸው። ይህን ምሳሌ በሦስት ዓምድ በወረቀት ላይ ካሰፈርሁ በኋላ፣ በዚህ ርእስ የመጣ የልምምድ ጥያቄ እምብዛም አላስቸገረኝም።

በአራተኛው ሳምንት አባቴ በስሙ አካውንት ከፈተልኝ። በመጀመሪያ ዋናውን መግቢያ በሁለት መለያ ቆለፍነው፤ ቀጥለን ወጪው 5 ዶላር ሲደርስ ኢሜይል እንዲመጣልን Budgets በሚባለው ገጽ ላይ አዘዝን። ከዚያ እኔ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር በEC2 ተከራየሁ፤ Elastic IP የሚባል ቋሚ አድራሻም ያዝሁለት። ማታ ኮምፒዩተሩን አቆምሁና ሁሉ ነገር የተዘጋ መስሎኝ ተኛሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሒሳቡን ገጽ ስከፍት አድራሻው ሲቆጥር ሰንብቷል። እንዲህ ያለ አድራሻ በሰዓት 0.005 ዶላር ይከፈልበታል፤ 14 ቀን 336 ሰዓት ስለ ሆነ 1.68 ዶላር መጣ። ዲስኩም ለብቻው ይቆጠር ነበር። ማስጠንቀቂያው ያልመጣው ወጪው 5 ዶላር ስላልሞላ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ እናቴ ግን በተቆመ መኪና ላይ የሚቆጥር ታክሲ ነው ብላ ሳቀችብኝ። ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ Stop ብቻ አይበቃም፤ Terminate ብሎ አድራሻውንም መልቀቅ ያስፈልጋል።

አገልግሎቶቹን በማጥናት ረገድ አንድ ሳምንት በከንቱ አጥፍቻለሁ። ስማቸውን በፊደል ተራ ጽፌ ትርጉማቸውን ስሸመድድ ሰነበትሁ። በሰባተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ልምምድ ስሠራ ከ65 38 ብቻ አገኘሁ። የሳትኋቸውን 27 ጥያቄዎች በደብተር ገልብጬ በየምክንያታቸው ለየሁ፦ 9ኙን ፈጽሞ አላውቃቸውም ነበር፤ 6ቱን ያነበብሁት በችኮላ ነው፣ «ሁለት ምረጥ» የሚለውን እንኳ አላየሁም፤ 12ቱ ግን የሚመሳሰሉ ሁለት አገልግሎቶችን ስላደባለቅሁ ነው።

ስለ ሆነም የፊደሉን ተራ ትቼ ጥንድ ጥንድ አድርጌ አጠናሁ። CloudWatch ኮምፒዩተሩ ምን ያህል እንደሚደክም ይለካል፣ ሲበዛበትም ይጮኻል፤ CloudTrail ግን ማን መቼ ገብቶ ምን እንዳደረገ ይመዘግባል። «ማከማቻውን የሰረዘው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ከመጣ መልሱ ሁለተኛው ነው። እንዲሁም Budgets ወጪው ካሰብነው ልክ ሲደርስ ያስጠነቅቃል፤ Cost Explorer ወጪው በየት በየት እንደ ሄደ ዘርዝሮ ያሳያል። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አንድ ጥያቄ በራሴ ቃል ጻፍሁ። ሁለተኛው ልምምድ 47፣ በስምንተኛው ሳምንት የሠራሁት ሦስተኛው 54 ሆነ። ያንኑ ፈተና ደጋግሞ መሥራት ግን ያታልላል፤ ቁጥሩ የሚያድገው መልሱን ስለምናስታውስ ሊሆን ስለሚችል፣ እኔ በየጊዜው ያልታየ ፈተና እወስድ ነበር።

በፈተናው ዕለት ያላወቅሁትን ጥያቄ ምልክት አድርጌበት አለፍሁ፤ ወደ መጨረሻም ተመልሼ ሁሉንም ሞላሁ፤ በስሕተት ነጥብ አይቀነስምና ባዶ የሚተው የለም። ውጤቱ በማግሥቱ ደረሰኝ፦ 768። ከውጤቱ ጋር በየክፍሉ ያለው ድካም ተጽፎ ይመጣል፤ እኔም ሦስት ቀን ብቻ የሰጠሁት የሒሳብና የክፍያ ክፍል ማሻሻል ያስፈልገዋል ተብሎብኛል። ማለፊያው የሚታየው በጠቅላላው ነጥብ እንጂ በየክፍሉ ስላልሆነ አላሰናከለኝም። እንደ ገና የማጠና ብሆን ግን፣ በፊደል ተራ ያጠፋሁትን ሳምንት ለእርሱ እሰጠው ነበር።