መጋዘኑ ሊዘጋ ነው፤ ለሠራተኛው ምን ልበል?

120 ሠራተኞች ያሉት አከፋፋይ ድርጅት ያስተዳድራሉ እንበል። ሁለቱ መጋዘኖች ወደ አንድ ሊጠቃለሉ ነው። መልሶ ማዋቀር የሚባለው ይኸው ነው፤ ሥራውና የሥራ መደቦቹ እንደ አዲስ ይደራጃሉ። መጋዘኑ እንዲዘጋ ተወስኗል፤ ማን ይቀነሳል የሚለው ግን ገና ነው።

ሁሉም ነገር እስኪለይለት ዝም ልበል? አይበሉ። ወሬው ቀድሞዎታል። ጎበዝ ጎበዞቹ ተከታትለው የሥራ ልምድ ማስረጃ ማጻፍ ከጀመሩ፣ ሌላ ሥራ እያፈላለጉ ነው ማለት ነው።

ሠራተኛውን ሰብስበው ከመናገርዎ በፊት አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ ወገን የተወሰነውን፣ በሌላው ያልተወሰነውን ይጻፉ። ካልተወሰነው እያንዳንዱ ነገር ጎን ማን እንደሚወስንና መቼ እንደሚነገር ያስፍሩ። ከዚያ እንዲህ ይበሉ፦ «ሁለተኛው መጋዘን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ይህ አይቀየርም። ስንት ሰው እንደሚቀነስ ግን አልወሰንንም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተመካክረን ግንቦት 15 እንነግራችኋለን።» ግንቦት 15 ደርሶ ውሳኔው ባያልቅ እንኳ፣ በዕለቱ ቀርበው ለምን እንደዘገየ ይናገሩ። ቀኑን በዝምታ ካሳለፉት ቀጥሎ የሚሰጡትን ቀን የሚያምን አይኖርም።

ሰው ሲጨነቅ አይተው «ማንም አይነካም» ማለት ያምርዎት ይሆናል። እባክዎ አይበሉት። ያን ሰምቶ የቤት ውል ያደሰ ሰው አለ።

የሚቀነሱት ስም ሳይታወቅ ስለ መመዘኛውና ስለ ገንዘቡ ምን ይባላል? ብዙ ይባላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኞቹ ቢያንስ 10 በመቶው፣ እዚህ 12 ሰው፣ በመዋቅር ለውጥ ከተሰናበተ «የሠራተኛ ቅነሳ» ይባላል። አሠሪው ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ቅድሚያ የሚቆየው የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያለው ነው። ይህን መመዘኛ ዛሬውኑ መናገር ይቻላል።

የስንብት ክፍያውም ይሰላል። በወር 9,000 ብር፣ በቀን 300 ብር ገደማ የሚያገኝና 5 ዓመት ያገለገለ ሰው እንውሰድ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ አለው። ለቀጣዮቹ አራት ዓመታት በየዓመቱ 10 ቀን፣ በድምሩ 40 ይታከላል። በቅነሳ ስለሄደ ደግሞ 60 ቀን ይጨመርለታል። 130 ቀን ሆነ፤ 39,000 ብር ማለት ነው። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም አለው። እንዲህ ያሉ 12 ሰዎች ቢሰናበቱ 468,000 ብር ይሆናል። ሒሳብ ክፍሉ ገንዘቡን መያዙን ሳያረጋግጡ ወደ ስብሰባው አይግቡ።

አንዷ ተነሥታ «እኔስ አለሁበት?» ብትልዎት፣ «አላውቅም፤ ሲወሰን ግን ከሌላ ሰው አፍ አትሰሚውም፣ እኔው እነግርሻለሁ» ይበሉ። ማታ ተረኛ ለሆነው ዘበኛና ወሊድ ፈቃድ ላይ ላለችውም ያው ወረቀት በዚያው ቀን ይድረሳቸው።