ከማደያው መስኮት እስከ ማመልከቻው፦ አዲስ ፋርማሲስት ልምምዱን እንዴት ይጻፈው?

«ፋርማሲስት፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ በአንድ ሆስፒታል ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ብዙ ማመልከቻ ይሰበሰባል። አመልካቾቹ ሁሉ አዲስ ተመራቂዎች ስለሆኑ የትምህርት ማስረጃቸው ይመሳሰላል። ደብዳቤዎቻቸውም ይመሳሰላሉ፤ «ታታሪና ታማኝ ነኝ፣ ጫና ተቋቁሜ እሠራለሁ፣ በልምምድ ጊዜዬ በቂ የዲስፔንሲንግ ልምድ አግኝቻለሁ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች በሁሉም ላይ ይገኛሉ። ደብዳቤውን የሚያነበው የፋርማሲ ክፍል ኃላፊ ግን ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ሰው ነገ ጠዋት መስኮቱ ላይ ቢያስቀምጠው ምን ያደርጋል?

መልሱ አዲሱ ተመራቂ እጅ ላይ አለ። በኢትዮጵያ የፋርማሲ ትምህርት 5 ዓመት ይፈጃል። የመጨረሻው ዓመት በአብዛኛው የሚያልፈው ተማሪዎቹ «አታችመንት» በሚሉት የተግባር ልምምድ ነው። ተማሪው በውስጥ ደዌ፣ በሕፃናትና በሌሎች ክፍሎች እየተዘዋወረ ከሐኪሞች ጋር ሕሙማንን ይጎበኛል፤ በሆስፒታሉ ፋርማሲም መድኃኒት ያድላል። ይህ ሁሉ ከባለሙያ አጠገብ ተቆሞ የተሠራ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜም ሎግቡክ ላይ ተመዝግቦ ኃላፊው ይፈርምበታል። ችግሩ ያ ሁሉ ውሎ ማመልከቻው ላይ ሲደርስ «በቂ ልምድ» በሚሉ ሁለት ቃላት መጠቅለሉ ነው።

ከመስኮቱ ውጭ ለቆመ ሰው ማደል ማለት ወረቀት ተቀብሎ መድኃኒት መስጠት ሊመስለው ይችላል። ከውስጥ ግን ሥራው በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ማዘዣውን ይመረምራል። ስም፣ ዕድሜ፣ የሕፃን ከሆነ ክብደት፣ የመድኃኒቱ ጥንካሬና መጠን፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን፣ እንዲሁም የሐኪሙ ፊርማ መኖራቸውን ያያል። ቀጥሎ የታዘዘው ነገር ለዚህ ሰው የሚስማማ መሆኑን ይመዝናል። ከዚያ ዋጋ ይተመናል፣ ይከፈላል፣ መድኃኒቱ ተቆጥሮ ወይም ተበጥብጦ መግለጫ ይለጠፍበታል። መጨረሻ ላይ ምክር ተሰጥቶ ይመዘገባል። መጀመሪያ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተሞክሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋው፣ ባለሙያዎች በአጭሩ «ኤፒቲኤስ» የሚሉት የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት ባለባቸው ሆስፒታሎች እነዚህ ሥራዎች በተለያዩ መስኮቶች ይከፈላሉ፤ አንዱ ማዘዣ ይገመግማል፣ ሌላው ሒሳብ ይቀበላል፣ ሌላው መድኃኒቱን ከነምክሩ ያስረክባል።

ስለዚህ «ዲስፔንሲንግ ሠርቻለሁ» የሚለው አባባል ለኃላፊው ብዙም አይነግረውም። በየትኛው ደረጃ ላይ ነው የሠራው? ቆጥሮ ከማሸግ አልፎ ማዘዣ ይመረምር ነበር? ስሕተት ሲያይ ምን አደረገ?

ይህን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በልምምድ ላይ ሳለች የ3 ዓመት ሕፃን ማዘዣ ቀረበላት እንበል። ክብደቱ 12 ኪሎ ነው። የታዘዘለት በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም የያዘ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ሲሆን፣ በቀን ሦስት ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ለ5 ቀን ይላል። ተማሪዋ መጠኑን በክብደቱ አስልታ ትክክል መሆኑን አረጋገጠች። መደርደሪያው ላይ ያለው ግን በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊ ግራም ብቻ የያዘው ነው። ስሙ አንድ፣ ጠርሙሱም ተመሳሳይ ነው፤ የሚለየው ቁጥሩ ነው። ማዘዣው ላይ ያለው «5 ሚሊ ሊትር» እንዳለ ጠርሙሱ ላይ ቢገለበጥ ሕፃኑ በየጊዜው የሚወስደው የታዘዘለትን ግማሽ ይሆናል። ስሕተቱ መስኮቱ ላይ ካልተያዘ እናትየው ልታውቀው የምትችልበት መንገድ የለም፤ የሚታየው ሕፃኑ ሳይሻለው ሲቀር ነው።

ተማሪዋ ልዩነቱን አይታ ለተቆጣጣሪዋ አሳየች። ያው 250 ሚሊ ግራም በደካማው ሽሮፕ 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በቀን ሦስት ጊዜ ለ5 ቀን ሲባዛ 150 ሚሊ ሊትር ይመጣል። አንዱ ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ሁለት ያስፈልጋል፤ በዋናው ማዘዣ ቢሆን 75 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ጠርሙስ ይበቃ ነበር። ዋጋውም ስለሚለወጥ እናትየው ከመክፈሏ በፊት ማወቅ አለባት። ተቆጣጣሪዋ ሐኪሙን አነጋግሮ ለውጡን ማዘዣው ላይ አሰፈረ። ተማሪዋ መግለጫውን ጻፈች፤ እናትየው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ እንድትበጠብጥ፣ ሁለተኛውን ጠርሙስ የመጀመሪያው እስኪያልቅ በዱቄቱ እንድታቆየው፣ በወጥ ማንኪያ ሳይሆን በመለኪያው እንድትሰጥና ከ5 ቀን በኋላ የሚተርፈውን እንዳታስቀምጥ ነገረቻት። በመጨረሻም የሰማችውን መልሳ እንድትነግራት ጠየቀቻት።

ይህ ሁሉ ደቂቃዎች የሚወስድ ሥራ ነው። ማመልከቻው ላይ ሲሰፍር ግን አንድ አንቀጽ ይበቃዋል፦

«በልምምድ ጊዜዬ በተመላላሽ ሕሙማን ፋርማሲ በተመዘገበ ፋርማሲስት ክትትል ሥር ማዘዣ መመርመር፣ መድኃኒት ማዘጋጀትና ምክር መስጠት ሠርቻለሁ። ለምሳሌ ለአንድ ሕፃን የታዘዘው የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ጥንካሬ በክምችት ካለው ጋር አለመመሳሰሉን አይቼ ለተቆጣጣሪዬ አሳውቄያለሁ። ሐኪሙ ከተነጋገረበት በኋላ የሚሊ ሊትሩ መጠንና የጠርሙሱ ብዛት ተስተካክሎ፣ ለእናትየው አበጣጠቡንና አለካኩን አስረድቼ የነገርኳትን መልሳ እንድትነግረኝ በማድረግ መረዳቷን አረጋግጫለሁ። በሕፃናት ማዘዣ ላይ ክብደትንና ጥንካሬን ሳላመሳክር አላልፍም።»

በአንቀጹ ውስጥ «ጥንቁቅ ነኝ» የሚል ቃል የለም። ኃላፊው ግን ጥንቃቄውን ያየዋል። ማዘዣ የማንበብ ልማድ፣ የስሌት ችሎታ፣ ከሐኪም ጋር የመነጋገር ሥርዓትና የምክር አሰጣጥ ከአንድ ጉዳይ ላይ ይነበባሉ። «በተመዘገበ ፋርማሲስት ክትትል ሥር» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ አመልካቿን አታሳንሳትም። ተማሪ ብቻውን የማደል ፈቃድ የለውም። ስለዚህ በልምምድ ላይ እያለ ያለ ተቆጣጣሪ እንደሠራ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ራሱን አላዋቂ ወይም ደንብ ተላላፊ ያደርጋል።

ሌላው በብዛት የሚታይ ስሕተት ቁጥር ነው። «በሺህ የሚቆጠሩ ማዘዣዎችን ያለ አንዳች ስሕተት አስተናግጃለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ልምድ ያለውን አንባቢ ያስጠረጥረዋል፤ ማደል ውስጥ ስሕተት የሚገኘው በሚፈልገው ሰው እንደሆነ ያውቃልና። ቁጥር መጻፍ የሚገባው ከሎግቡኩ ላይ ተቆጥሮ ሲገኝ ብቻ ነው። የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም ሰውየውን የሚያስለይ በሽታ ግን ደብዳቤ ላይ ፈጽሞ አይገባም። ምሳሌውን የበለጠ እውነተኛ ለማድረግ ብሎ ዝርዝሩን ያወጣ አመልካች የሙያውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ገና አለመያዙን ይናገራል።

ደብዳቤው ከተጻፈለት ሆስፒታል ጋር መገናኘትም አለበት። ክፍት ቦታው ተመላላሽ ፋርማሲ ላይ ከሆነ ከላይ ያለው ምሳሌ ይስማማል። ለተኝተው ታካሚዎች ፋርማሲ ከሆነ በዋርድ ቆይታ የታየ ጉዳይ ይሻላል። መጋዘን ላይ ከሆነ ቢን ካርድ መሙላትና ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈውን ቀድሞ ማውጣት የመሰለ ሥራ ይቀድማል። ለሦስቱም አንድ ደብዳቤ ገልብጦ መላክ በአንዱ ሆስፒታል ስም ለሌላው እስከ መጻፍ ያደርሳል።

የተቀረው ክፍል አጭር ነው። ከላይ ቀንና የአመልካቹ አድራሻ፣ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሆስፒታሉ የሰው ሀብት ክፍል ስም፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦ የፋርማሲስት ሥራ ማመልከትን ይመለከታል» የሚል መስመር ይሰፍራል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማስታወቂያው የወጣበትን ቀንና የቦታውን መጠሪያ ይጠቅሳል፤ ሁለተኛው ከየት ተቋምና መቼ እንደተመረቀ ይናገራል። የሙያ ፈቃዱ ወጥቶ ከሆነ እዚህ ላይ ይገባል፤ ገና በሂደት ላይ ከሆነም እንደዚያው መጻፍ ነው። ያለ ፈቃድ ሥራ አይጀመርምና ይህን መደበቅ የትም አያደርስም። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ የሚፈልጉ ሆስፒታሎች አሉ፤ አወቃቀሩ ግን አይለወጥም። ሁሉም ከአንድ ገጽ ማለፍ የለበትም።

ደብዳቤ ብቻውን አያስቀጥርም። በመንግሥት ሆስፒታሎች ዘንድ ማስረጃ ተጣርቶ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ሊከተል ይችላል፤ በግል ሆስፒታሎች ግን ለቃለ መጠይቅ የሚጠራውን ለመምረጥ ደብዳቤው የበለጠ ሊታይ ይችላል። በሁለቱም ቦታ የተጻፈው ምሳሌ ጥያቄ ሆኖ ይመለሳል፤ «ሐኪሙን በስልክ ባታገኚውስ ምን ታደርጊያለሽ?» ጉዳዩን በእውነት የሠራችው አመልካች መልሱን ታውቀዋለች። ራሷ ለውጣ አትሰጥም፣ እናትየውንም ዝም ብላ አታሰናብትም። ለተረኛው ፋርማሲስት ታሳውቃለች፣ የክፍሉን ተረኛ ሐኪም ትፈልጋለች፣ የተደረገውን ሁሉ ማዘዣው ላይ ታስመዘግባለች። ከሌላ ሰው ደብዳቤ የቀዳ ግን ስሌቱን እንኳ መድገም ያቅተዋል። አመልካቿ ወረቀቷን ከማስገባቷ በፊት ተቆጣጣሪዋን አነጋግራ ስሙንና ስልኩን በሲቪዋ ላይ እንድታሰፍር ትጠይቃለች። የሎግቡኩን ገጽ ቅጂ ከቴምፖራሪው፣ ከውጤት መግለጫውና ከፈቃዱ ቅጂ ጋር በአባሪነት ታያይዛለች። ኃላፊው ስለዚያ ሽሮፕ ለማጣራት ቢፈልግ የሚደውልለት ሰውና የሚያየው ፊርማ ይኖረዋል።